የሩብሪክ ደረጃን ወደ ማርክ ስንቀይር ውጤቱ እንዳይዛባ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ተማሪ ሪፖርቱን ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። «ቲቸር፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ቦታ ላይ 'መሠረታዊውን አሟልቷል' ብለው ጽፈውልኛል። ታዲያ እንዴት ከግማሽ በታች አገኘሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ልጁ ልክ ነበር። የጻፍኩለት አስተያየት «አልፈሃል» ይላል፣ ማርኩ ደግሞ 45 በመቶ ይላል። ሁለቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን ማታ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ያስተካከልኩት አሠራር ነው። ሩብሪክ እንዴት እንደሚዘጋጅ አላወራም። ሩብሪካችሁ አለ፣ ደረጃዎቹን ሰጥታችኋል እንበል። ከዚያ ወደ ማርክና ወደ ግሬድ እንዴት እንሂድ? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንይ

ተማሪዎቼ ቦርከና ወንዝ ላይ ይወርዱና የውሃውን ፍሰት በተንሳፋፊ ነገር ይለካሉ። የታወቀ ርቀት ይከልላሉ፣ ተንሳፋፊውን ይለቃሉ፣ ሰዓት ይይዛሉ። ከዚያ ከወንዙ ወርድና ጥልቀት ያገኙትን የመስቀለኛ ቁርጥ ስፋት ከፍጥነቱ ጋር አባዝተው ፍሰቱን ያወጣሉ። ሪፖርቱ ከመቶ 30 ይያዛል። ቀሪው 70 ፈተናና ኩዊዝ ነው።

ሩብሪኩ አራት መስፈርት አለው፦ መረጃ አሰባሰብ፣ ስሌት፣ ትንታኔ፣ ጽሑፍ። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ደረጃ አለው። ስሌት ዋናው ስለሆነ ክብደቱ 40 በመቶ ነው። ሌሎቹ 20፣ 20 ናቸው።

ስሌት የሚለውን መስፈርት ጠጋ ብለን እንየው። ተንሳፋፊ ነገር የሚነግረን የላይኛውን ውሃ ፍጥነት ነው። ከሥር ያለው ውሃ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ አማካይ ፍጥነት ለማግኘት የላይኛውን በ0.85 ገደማ እናባዛለን። ይህን የረሳ ተማሪ፣ ሌላው ሁሉ ልክ ቢሆንም፣ የወንዙን ውሃ አብዝቶ ይናገራል። እንዲህ ያለው ተማሪ ደረጃ 2 ነው። ማባዣውን ተጠቅሞ ልክ የሆነ መልስ ያወጣ ደረጃ 3 ያገኛል። ከዚያ አልፎ ደጋግሞ ለክቶ፣ ስህተቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ደረጃ 4 ነው። መለኪያ አሃዱ ተደበላልቆበት ትርጉም የሌለው ቁጥር የጻፈ ደግሞ ደረጃ 1።

አሁን እንጠይቅ። 0.85ን የረሳው ልጅ ስሌቱን «ግማሹን» ነው የሚያውቀው? አይደለም። ርቀቱን ለክቷል፣ ስፋቱን አውጥቷል፣ አባዝቷል። አንድ ነገር ነው የጎደለው። ሁለትን ለአራት ስናካፍል ግን 50 በመቶ እንሰጠዋለን።

ችግሩ የቱ ላይ ነው?

የደረጃ ቁጥር ቆጠራ አይደለም። ፈተና ላይ ከ20 ጥያቄ 10 የመለሰ ተማሪ በርግጥ ግማሽ መልሷል። ደረጃ 2 ግን የመሰላል እርከን ስም ነው። «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ብለን ብንጠራቸውም ይሆን ነበር። «ለ»ን ለ«መ» ማን ያካፍላል?

ማስረጃው ቀላል ነው። «የሚጠበቀውን አሟልቷል» የሚለው ደረጃ ባለ አራት ሩብሪክ ላይ ሦስተኛው ነው እንበል። ሲካፈል 75 ይሆናል። ጎረቤት ክፍል ያለው ባልደረባችሁ ባለ አምስት ደረጃ ሩብሪክ አለው፣ ይኸው ዐረፍተ ነገር እሱ ጋ አራተኛው ላይ ተቀምጧል። 80 ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ካስቀመጠው ደግሞ 60። ያው ሥራ፣ ያው ቃል፣ ሦስት ዓይነት ማርክ። ማርኩን የወሰነው የተማሪው ሥራ ሳይሆን የሠንጠረዡ የአምድ ብዛት ነው።

አንደኛ፦ ችካል ትከሉ

መሬት የሚለካ ሰው መጀመሪያ ችካል ይተክላል። እኛም እንደዚያው። አንድም ሪፖርት ሳታርሙ አራት ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ። በሁሉም መስፈርት 1 ያገኘ ተማሪ ስንት ይገባዋል? በሁሉም 2 ያገኘስ? በሁሉም 3? በሁሉም 4?

መልሱን ከሩብሪኩ ቃል ነው የምታገኙት። ከዚያ ተቋማችሁ ከሚጠቀምበት የግሬድ ሠንጠረዥ ጋር ታገናኙታላችሁ። በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን በተለመደው ሠንጠረዥ 85 ኤ ይጀምራል፣ 75 ቢ ፕላስ፣ 65 ቢ ማይነስ፣ 50 ሲ፣ 45 ሲ ማይነስ። የእናንተ የተለየ ከሆነ በእናንተው ሂዱ።

እኔ እንዲህ ነው ያሰብኩት። የእኔ ደረጃ 2 «መሠረታዊውን አሟልቷል፣ ጉድለት አለው» ይላል። ይህ ሲ ነው። ግን ልክ ጠርዙ ላይ፣ 50 ላይ፣ ማስቀመጥ አልፈለግሁም። በሲ መካከል 55 ላይ ተከልኩት። ደረጃ 3 «የሚጠበቀውን አሟልቷል» ነው፣ 75። ደረጃ 4፣ 100። ደረጃ 1 «ሞክሯል ግን አልደረሰም» ስለሆነ ማለፍ የለበትም። ሆኖም ከነጭራሹ ካላስረከበው ተማሪ ይለያል። 35 ሰጠሁት።

ጠርዝ ላይ አትትከሉ ያልኩበት ምክንያት አለ። 2ን 50 ላይ ካስቀመጣችሁ፣ ሦስት 2 እና አንድ 1 ያለው ልጅ ወዲያው ከ50 ይወርዳል። ቢሮዬ የመጣው ልጅ የደረሰበት ይኸው ነው።

ዜሮስ? ዜሮ ላላስረከበ ብቻ ነው። ደረጃ አይደለም፣ ሩብሪኩ ውስጥም አይገባም።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። በፊት በማስተምርበት ሌላ ቦታ ከውጭ አገር መመሪያ ላይ ያገኘሁትን ሠንጠረዥ እንዳለ ገልብጬ ተጠቀምኩ። 4 ማለት 95፣ 3 ማለት 85፣ 2 ማለት 75፣ 1 ማለት 65 ይላል። እዚያ አገር ኤ ከ90 ነው የሚጀምረው፣ ከ60 በታች ደግሞ መውደቅ ነው። ለእነሱ ደረጃ 2 ሲ ይሆናል። እኛ ጋ ሲመጣ ግን 75 ቢ ፕላስ ሆነ። ምንም ያልደረሰ ደረጃ 1 ደግሞ ቢ ማይነስ ይዞ ወጣ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ዝርዝሩን አየና «ወንድሜ፣ ይሄ ክፍል ወዳቂ የለውም እንዴ?» አለኝ። በማግስቱ ሁሉንም እንደገና ሠራሁ። ችካል የሚተከለው በራስ መሬት ላይ ነው።

ሁለተኛ፦ አማካዩን መጀመሪያ፣ ቅየራውን አንዴ

ችካሎቹ ከተተከሉ በኋላ በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። ከ1 እስከ 3 ድረስ አንድ ደረጃ 20 ነጥብ ነው። ከ3 እስከ 4 ደግሞ 25። ስሌቱ እንዲህ ያጥራል። አማካይ ደረጃው ከ3 በታች ከሆነ በ20 አባዝታችሁ 15 ትጨምራላችሁ። 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በ25 ታባዛላችሁ።

ልብ ብላችኋል? በ25 ማባዛት ማለት ለአራት ማካፈል ማለት ነው። ስለዚህ በእኔ ችካሎች ከ3 በላይ ያለው ተማሪ ውጤቱ አይነካም። ማካፈል የጎዳው ከ3 በታች ያሉትን ብቻ ነበር። ዝቅ ባሉ ቁጥር ጉዳቱ ይበዛል።

የልጁን እንሥራው። መረጃ 2፣ ስሌት 2፣ ትንታኔ 1፣ ጽሑፍ 2። ክብደቱን ስናስገባ 0.4 ሲደመር 0.8 ሲደመር 0.2 ሲደመር 0.4፣ ጠቅላላ 1.8። በድሮው ለ4 ሲካፈል 45 በመቶ፣ ማለትም ከ30 ላይ 13.5። በአዲሱ 1.8 በ20 ሲባዛ 36፣ 15 ሲጨመር 51። ከ30 ላይ 15.3 ይሆናል።

ከ70ው ያገኘው 35.4 ነበር። በድሮው ጠቅላላው 48.9 ሆኖ ሲ ማይነስ ይዟል። በአዲሱ 50.7፣ ሲ። ከመቶ የተለወጠው 1.8 ነጥብ ብቻ ነው፣ ግሬዱ ግን ተለወጠ።

ኤክሴል ላይ ሁለተኛውን ረድፍ ለክብደት (0.2፣ 0.4፣ 0.2፣ 0.2) ተዉት። ተማሪዎቹ ከሦስተኛው ረድፍ ይጀምሩ። ደረጃዎቹ ከ B እስከ E ይሁኑ። ቀጥሎ በ F3፣ በ G3 እና በ H3 ላይ በቅደም ተከተል እነዚህን አስገቡ፦

```
=IF(COUNT(B3:E3)<4,"?",SUMPRODUCT(B3:E3,B$2:E$2))
=IF(F3<3,15+20*F3,25*F3)
=ROUND(G3*30/100,1)
```

የመጀመሪያው ላይ ያለው `COUNT` ለጌጥ አይደለም። አንድ መስፈርት ሳትሞሉ ካለፋችሁ ኤክሴል ባዶውን እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። የተማሪው አማካይ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ማንም አያየውም። በዚህ መንገድ ግን F ላይ የጥያቄ ምልክት ይወጣል፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ደግሞ `#VALUE!` ይላሉ። ያ ጩኸት ጥሩ ነው። ያላስረከበ ተማሪ ካለ H ላይ በእጃችሁ 0 ጻፉ።

የማጠጋጋት ነገርም እዚሁ ይነሳል። ብዙዎቻችን የ30ውን ማርክ ለአራቱ መስፈርት እናከፋፍልና እያንዳንዱን እናጠጋጋለን። አራቱ እኩል ክብደት ቢኖራቸው እያንዳንዱ 7.5 ይይዛል። ደረጃ 3 ከዚያ ላይ 5.625 ነው። «6 ይሁን» እንላለን። አራት ጊዜ 6፣ 24። ትክክለኛው ግን 22.5 ነበር። በሌላ በኩል ደረጃ 2 4.125 ነው፣ 4 ይሆናል፣ አራት ጊዜ 16። ትክክለኛው 16.5። አንዱ 1.5 ተጨመረለት፣ ሌላው ግማሽ ተቀነሰበት። ሁለቱም ከሥራቸው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አታጠጋጉ። መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ።

ሦስተኛ፦ አማካይ የሚደብቀውን ፈልጉ

በዚያው ክፍል ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ። የመጀመሪያዋ መረጃ 3፣ ስሌት 3፣ ትንታኔ 3፣ ጽሑፍ 2 አላት። አማካይዋ 2.8፣ ማርኳ 71 በመቶ። ሁለተኛው መረጃ 4፣ ስሌት 1፣ ትንታኔ 4፣ ጽሑፍ 4 አለው። የእሱም አማካይ 2.8 ነው። የእሱም ማርክ 71።

እሷ ፍሰቱን መለካት ትችላለች። እሱ አይችልም። የሚያምር ሪፖርት፣ ንጹሕ ሠንጠረዥ፣ ጎበዝ አማርኛና እንግሊዝኛ፣ ግን መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ምንም ማለት አይደለም። አማካይ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። (ትንታኔው እንዴት 4 ሊሆን ቻለ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ላይ የቆመ ትንታኔ 4 ማግኘቱ ራሱ የሩብሪኩ ቃል ልል መሆኑን ይነግረናል።)

መፍትሔው የስሌትን ክብደት እያሳደጉ መሄድ አይደለም። 60 በመቶ ብታደርጉትም ሌላው መልሶ ይሞላዋል። ይልቁንም በር አኑሩ። የእኔ አሁን እንዲህ ይላል፦ «ስሌት 1 ከሆነ የሪፖርቱ ማርክ ከ50 በመቶ አይበልጥም።» ሁለተኛው ተማሪ በዚህ መሠረት ከ30 ላይ 15 ያገኛል፣ እሷ 21.3።

በሩ አንድ ብቻ ይሁን፣ ቢበዛ ሁለት። በአራቱም መስፈርት ላይ በር ካበጃችሁ የቀረው ሩብሪክ ለምን አስፈለገ? ደግሞ በሩ አሳይመንቱ ሲሰጥ ወረቀቱ ላይ አብሮ ይጻፍ። ሥራው ከገባ በኋላ የተተከለ በር ወጥመድ ነው።

አራተኛ፦ ችካሉን በዓይን ፈትኑ

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምተማመነው በዚህ ነው።

ስድስት ሪፖርት ምረጡ። ሁለት ጎበዝ የሚመስል፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሁለት ደካማ። ስማቸውን ሸፍኑ። ኮርሱን ለሚያውቅ ባልደረባ ስጡትና ሩብሪኩን ሳያይ፣ አንብቦ ብቻ ግሬድ ይጻፍ። እናንተ ደግሞ በሩብሪኩ አርማችሁ ቀይሩ። ከዚያ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ሦስት ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ልዩነቱ ከአንድ የግሬድ እርከን ካልበለጠ ሂዱበት። ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ከሆነ፣ ለምሳሌ የእናንተ ቅየራ ደካሞቹን ሁልጊዜ ዝቅ ካደረገ፣ ጥፋቱ የችካሉ ነው። ያንን ችካል አንሱና አስተካክሉ። ልዩነቱ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ከሆነ ግን ችካሉን አትንኩ። ችግሩ የሩብሪኩ ቃላት ላይ ነው፤ ሁለታችሁ «የሚጠበቀውን አሟልቷል» የሚለውን እየተረዳችሁት ያላችሁት በየፊናችሁ ነው። በቁጥር የሚድን አይደለም።

እኔ ስሞክረው ያገኘሁት ሁለተኛውን ዓይነት ነበር። ባልደረባዬ ሲ ያላቸውን ሁለት ሪፖርቶች ማካፈሉ ሁለቱንም ከ50 በታች ጥሏቸዋል። 2ን 55 ላይ ያስቀመጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያ 52 ላይ ነበር ያሰብኩት። ደካማ ሪፖርቶች ላይ አሁንም ሲወድቁ አየሁና ከፍ አደረግሁት።

ነጥቡን ምን ያህል ማመን ይቻላል?

51፣ 71፣ 15.3 ሲባል በጣም የተለካ ይመስላል። አይደለም። 20 በመቶ ክብደት ያለው መስፈርት ላይ አንድ ደረጃ ብትቀይሩ፣ ከ3 በታች 4 ነጥብ ይንቀሳቀሳል። ስሌት ላይ ከሆነ 8 ነጥብ። ትናንት ማታ ደክሟችሁ 2 የሰጣችሁትን ዛሬ ጠዋት 3 ልትሰጡት እንደምትችሉ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ 71 ያገኘው ከ69 ካገኘው ይበልጣል ብዬ አልምልም። በተግባር የማደርገው ይህ ነው። ጠቅላላ ውጤቱ ከግሬድ ጠርዝ በ1 ነጥብ ገደማ የራቀ ተማሪ ካለ፣ ሪፖርቱን አውጥቼ አንድ ጊዜ እንደገና አነባለሁ። ስሙን ሳላይ፣ የድሮውን ደረጃ ሳላይ። ከ52 ተማሪ አምስት ስድስት ቢሆኑ ነው። ከጠርዙ በላይ ያሉትንም በታች ያሉትንም አነባለሁ። በታች ያሉትን ብቻ ማንበብ ማርክ መጨመር ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የልጁን ነገር ልጨርስ። ውጤቱ ገና ሬጅስትራር ጋ አልሄደም ነበር። ቅየራውን ለእሱ ብቻ ማድረግ አልችልም፣ ለ52ቱም አደረግሁ። ከላይ እንዳልኩት ከ3 በታች አዲሱ ስሌት ከማካፈል አያንስም፣ ከ3 በላይ እኩል ነው። ስለዚህ የማንም ማርክ አልቀነሰም። የስሌቱን በር ግን ያኔ አልጨመርኩም፤ አልነገርኳቸውም ነበርና። ያ የሚያምር ሪፖርት የጻፈው ልጅ 71ዱን ይዞ ሄደ። በሩ የተጻፈው ለቀጣዩ ክፍል በተሰጠው አሳይመንት ላይ ነው፣ ከችካሎቹ ሥር፣ በአንድ መስመር።